ዊዝትሪ ወይስ ዊንዲርስታት? ሲ ድራይቭ ሲሞላ የትኛው ይሻላል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ወዳጄ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። “ሲ ድራይቩ ቀይ ሆነብኝ፣ ምኑን ላጥፋ?” ይለኛል። ቦታ የበላውን ፎልደር በካርታ የሚያሳዩ ዊዝትሪና ዊንዲርስታት የሚባሉ ፕሮግራሞች እንዳሉ ስነግረው ደግሞ “ከሁለቱ የትኛውን ልጫን?” ይላል። ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። ለግል ላፕቶፕ ዊዝትሪን ጫኑ። ፎቶ ቤት ወይም የጽሕፈት ሱቅ ካላችሁ ግን ዊንዲርስታት ይሻላችኋል። ምክንያቱ ዋጋ ነው።

ዊንዲርስታት ለቤትም ለሱቅም ሳንቲም አይጠይቅም። ዊዝትሪ ነጻ የሚሆነው ለግል ጥቅም ብቻ ነው፤ ለንግድ ከሆነ ፈቃድ ይገዛል። ክፍያው በኦንላይንና በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መግዛት ገንዘቡ ቢኖርም አይቀልም። ሁለቱም ትንንሽ ስለሆኑ የዳታ ወጪያቸው አያሳስብም። ዊዝትሪን diskanalyzer.com፣ ዊንዲርስታትን windirstat.net ላይ ታገኛላችሁ። “ክራክ የተደረገ” እያሉ በፍላሽ የሚያዞሩትን አትቀበሉ። በነጻ የሚገኝ ነገር ክራክ አያስፈልገውም፤ አብሮት የሚገባው ቫይረስ ነው።

ዋጋው እኩል ከሆነ ዊዝትሪን ያስመረጠኝ ፍጥነቱ ነው። ዊንዶውስ በኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ የፋይሎቹን ሁሉ ስምና መጠን የሚይዝበት አንድ መዝገብ አለው። ዊዝትሪ ፎልደር ለፎልደር ሳይዞር ያንን መዝገብ በቀጥታ ያነባል። እዚህ ብዙ እጅ ላይ ያለው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪውም የደከመ ነው። አሰሳው ሳያልቅ መብራት ከሄደ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ከሰው ወደ ሰው በፍላሽ የሚዞረው ዊንዲርስታት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. የ2007ቱ 1.1.2 ነው። እሱ እያንዳንዱን ፎልደር እየከፈተ ስለሚቆጥር አሮጌ ዲስክ ላይ ያንቀራፍፋል። ዊንዲርስታት ከመረጣችሁ 2 ብሎ የሚጀምረውን አዲሱን አውርዱ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሁለቱንም ስትከፍቱ በቀኝ ክሊክ Run as administrator በሉ። ያለዚያ ዊዝትሪ መዝገቡን ማንበብ ስለማይፈቀድለት ፍጥነቱን ያጣል። አንዳንድ የሲስተም ፎልደሮችም ይደበቃሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ዊንዶውስ 117 ጊጋ ተይዟል እያለ ፕሮግራሙ 95 ብቻ ከቆጠረ ያላየው ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ካርታው። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ሳጥን ነው። ሳጥኑ በሰፋ ቁጥር ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ቀለሙ የፋይሉን ዓይነት ይነግራል፤ የአንድ ፎልደር ፋይሎች አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። ትሪማፕ የሚባለውን ይህን አሳሳል ያመጣው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ቤን ሽናይደርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ 14 ሰዎች የሚጋሩት 80 ሜጋባይት ዲስክ እየሞላ አስቸግሮት፣ ቦታውን ምን እንደያዘው በአንድ እይታ ለማየት ነበር የፈለገው።

ብዙ ሰው ካርታው ላይ የሚሳሳተው ትልቁን ሳጥን ብቻ ሲፈልግ ነው። ቡሬ የሚያስተምረው የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። 120 ጊጋ ከሆነው ሲ ድራይቭ የቀረው 3 ጊጋ ብቻ ነበር። ካርታው ሲወጣ ዓይኑ ያረፈው አንድ ደማቅ ሳጥን ላይ ነው፤ 4 ጊጋ የሚመዝን ፊልም። “ይሄው ተገኘ!” ብሎ ሊያጠፋው ሲል ጎኑ ያለውን እንዲያይ ነገርኩት። እዚያ አንድም ትልቅ ሳጥን የለም፤ እንደ ጤፍ የተበተኑ ደቃቅ ሳጥኖች ብቻ ናቸው። ግን ያ ደቃቅ የካርታውን ሲሶ ይዟል። አንዱን ሲጫን ከላይ ባለው ዝርዝር ፋይሉ ተመረጠ። ከዚያ አንድ ደረጃ ወጥቶ ፎልደሩን ሲመርጥ Downloads ውስጥ ያለው Telegram Desktop ሆኖ ተገኘ፤ 38 ጊጋ! ከየግሩፑ የወረደ ቪዲዮና ፒዲኤፍ ነው። ስማቸው ላይ (2) እና (3) የተጻፈባቸው ሞልተዋል፤ ያው አንድ ፋይል ደጋግሞ ወርዶ ነው። ድግግሞሹንና የማይፈልገውን ቪዲዮ ብቻ አጥፍቶ ሪሳይክል ቢኑን ሲያራግፍ 26 ጊጋ ተለቀቀ። ፊልሙን አልነካውም። ሪሳይክል ቢኑ ካልተራገፈ ግን አንድም ቦታ አይለቀቅም፤ ሳጥኖቹ ወደ $Recycle.Bin ሄደው እዚያው ይታያሉ።

የእሱ ካርታ ላይ ሌላም ትልቅ ሳጥን ነበር፤ hiberfil.sys። ኮምፒውተሩ ሃይበርኔት ሲያደርግ የራሙን ይዘት የሚያስቀምጥበት ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ የራሙ 40 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ 3.2 ጊጋ ገደማ ይይዛል። በዲሊት አይጠፋም። በአድሚኒስትሬተር በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት እንዲህ ይባላል፦

```
powercfg /h off
```

እኔ ግን እሱን አላስጠፋሁትም። ባትሪ አልቆ ላፕቶፑ ሲዘጋ ያልተቀመጠ ሥራ የሚተርፈው በሃይበርኔት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለ3 ጊጋ ብዬ ያንን አልሰጥም።

Windows ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች የሚያስቀምጥበትን WinSxS ግን ትልቅ ቢመስልም በእጃችሁ አትንኩት። እዚያ ያለ ፋይል ሌላ ፎልደር ውስጥም በሌላ ስም ስለሚታይ አንዳንድ ፕሮግራም ሁለቴ ይቆጥረዋል። ዊዝትሪ አንዴ ብቻ ይቆጥረዋል፤ ይህም የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ነው።

ዊዝትሪ ብልጫውን የሚያጣው ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሾች ብዙ ጊዜ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ስለሆኑ ያ መዝገብ የላቸውም፤ ስለዚህ እሱም እንደ ሌላው ፎልደር ለፎልደር ይዞራል። ከዚህ የሚብስ ሌላ ነገር አለ። አንድ ወዳጄ ቦታ ሲጠበው “2 ቴራ” የተባለ ፍላሽ በ1,200 ብር ገዛ። የሠርግ ቪዲዮዎቹን ገልብጦበት ዋናዎቹን ከላፕቶፑ አጠፋ። ካርታው ላይ ሁሉም ሳጥን በሙሉ መጠኑ ይታያል፤ ቪዲዮዎቹ ግን አይከፈቱም። ውስጡ ያለው ትንሽ ቺፕ ነው፤ ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጓል። ትሪማፕ የሚስለው የተመዘገበውን መጠን ነው፤ የፋይሉን ይዘት አያነብም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሌብነት አያሳያችሁም። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ባዶውን H2testw በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሞልታችሁ አስፈትሹት። ለትልቅ ፍላሽ ሰዓታት ይፈጃል። ሻጩ ለመመለስ እሺ የሚለው ቶሎ ስትመጡ ስለሆነ ግን በገዛችሁበት ቀን አድርጉት።

ለሱቅ ዊንዲርስታት ያልኩት አሁንም እንደዚያው ነው። አዲሱ እትም ትልልቅ ፋይሎችን ለብቻ ዘርዝሮ ያሳያል፤ ተመሳሳይ ፋይሎችንም ይፈልጋል። ጥር ላይ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ሦስት ቦታ ተገልብጦ ለሚቀመጥበት ፎቶ ቤት ከፍጥነቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።