ነጠላ ስንጥቅ ወይስ ግሬቲንግ? አንግልን ማስላትና የመጨረሻውን ኦርደር ማግኘት

ብርሃን በአንድ ጠባብ ስንጥቅ፣ ወይም እኩል የተራራቁ ብዙ ስንጥቆች ባሉት ግሬቲንግ ሲያልፍ የሚታጠፍበትን አንግል የምናሰላባቸው የሁለቱ ቀመሮች መልክ አንድ ነው፤ ተማሪን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በነጠላ ስንጥቅ a sinθ = mλ የጨለማውን ቦታ ሲሰጥ (m = 0 አይካተትም፣ መሃሉ ብሩህ ነውና)፣ በግሬቲንግ ግን d sinθ = mλ የሚሰጠው ብሩሁን ነው። እዚህ a የስንጥቁ ስፋት፣ d በግሬቲንጉ ጎረቤት ስንጥቆች መካከል ያለው ርቀት፣ λ የሞገድ ርዝመቱ፣ θ ከመሃል የሚለካው አንግል፣ m ደግሞ ሙሉ ቁጥር ነው፤ በግሬቲንግ m ኦርደር ይባላል።

የሞገድ ርዝመቱ 633 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ሌዘር እንውሰድ።

ስንጥቅ፦ ስፋቱ 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ጨለማ በ0.36° ላይ ይገኛል፤ 2 ሜትር በራቀ ግድግዳ ላይ ከመሃል 12.7 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንግሉ ትንሽ ስለሆነ sinθ ≈ tanθ ማለት አይጎዳም።

ግሬቲንግ፦ በሚሊሜትር 600 መስመር ካለው d = 1667 ናኖሜትር ነው፤ ኦርደሮቹም በ22.3° እና በ49.4° ይወጣሉ። እዚህ ያንኑ ማቃለያ የተጠቀመ ሰው ሁለተኛውን ኦርደር በዚያው ግድግዳ ላይ 1.52 ሜትር ላይ ይጠብቃል፤ ነጥቡ ግን 2.33 ሜትር ላይ ነው።

sinθ ከ1 ሊበልጥ ስለማይችል m ከ d/λ = 2.63 አያልፍም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ኦርደር 2 ነው። ወደ 3 ማጠጋጋት የተለመደ ስህተት ነው። ሆኖም የእያንዳንዱ ስንጥቅ ስፋት የ d ግማሽ ከሆነ፣ የስንጥቁ ጨለማ በዚያው አንግል ላይ ስለሚያርፍ፣ ሁለተኛው ኦርደር በስሌት ቢኖርም አይታይም።

የቀጭን ፀጉርን ውፍረት ለመለካት የስንጥቁ ስሌት ይመረጣል፤ ያልታወቀ የሞገድ ርዝመትን ለመለየት ግን መስመሮቹ ቀጫጭንና የተራራቁ የሆኑት ግሬቲንግ ይሻላል።