ሁለት ዓይነት ዜሮ፦ ከፋይናንስ ሞጁሉ የቫት ኮዶች ጋር 11 ወር

ሞጁሉን መጠቀም ከጀመርን 11 ወር ሆነን። ስለ ባንክ ማስታረቂያውና ስለ ሪፖርቶቹ ብዙ ማለት ይቻላል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ ስክሪን ብቻ ነው፤ የታክስ ኮድ ስለሚሞላበት። ስንጀምር ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀብንም ነበር። ኋላ ላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ ነው።

የኛ ሽያጭ ሦስት ዓይነት ነው። በመደበኛው ምጣኔ ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ አለ። ወደ ውጭ የሚላክና በዜሮ ምጣኔ የሚታይ አለ። ከታክስ ነፃ የሆነም አለ። የትኛው ዕቃ የት እንደሚመደብ የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ነው። ሞጁሉ ይህን አያውቅም፤ የምትነግረውን ብቻ ይሠራል። ለምሳሌ እንዲመቸኝ መደበኛውን ምጣኔ 15 በመቶ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሲተከል ሁለት ኮድ ብቻ ነበረው። አንዱ መደበኛ፣ ሌላው ዜሮ። የተከለልን ባለሙያ «ነፃውንም እዚሁ ዜሮ ውስጥ ክተቱት፤ ደረሰኙ ላይ ሁለቱም ባዶ ናቸው» አለን። እውነት ለመናገር እኔም አልተከራከርኩም። ደረሰኙን ብቻ ካየህ ልክ ነው። ደንበኛው 10,000 ዋጋ ያለው ዕቃ ይገዛል፣ ታክስ 0፣ ጠቅላላ 10,000። ዕቃው ነፃ ይሁን በዜሮ ምጣኔ የሚታይ፣ የሚወጣው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው።

ልዩነቱ ያለው በሌላው በኩል ነው፤ ስንገዛ በከፈልነው ታክስ ላይ። በዜሮ ምጣኔ የሚሸጥ ዕቃ ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ ነው፤ ምጣኔው ዜሮ ሆኖ ነው እንጂ። ስለዚህ ለሱ ስትገዛ የከፈልከውን ታክስ ከሽያጭ ታክስህ ላይ ታቀናንሳለህ ወይም ተመላሽ ትጠይቃለህ። ነፃ ዕቃ ግን ከነጭራሹ ከታክሱ ውጭ ነው። ለሱ ስትገዛ የከፈልከው ታክስ እዚያው ይቀራል፣ ወጪህ ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱን አንድ ኮድ ውስጥ የከተተ ሰው ሽያጩን አላበላሸም፤ ያበላሸው የግዢውን ታክስ ነው። ስህተቱ የሚሠራበት ቦታና ጉዳቱ የሚታይበት ቦታ የተለያየ መሆኑ ነው ነገሩን ተንኮለኛ የሚያደርገው።

በቁጥር ልየው። ቁጥሮቹን ለመያዝ እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ፣ መጠናቸው ግን ከኛ አንድ ወር ብዙም አይርቅም። መደበኛ ሽያጭ 600,000። በዜሮ ምጣኔ 200,000። ነፃ 200,000። ድምሩ 1,000,000። በዚያው ወር ለኪራይ፣ ለመብራትና ለስልክ የከፈልነው የግብዓት ታክስ 12,000 ነው። ይህ ወጪ ለሦስቱም ዓይነት ሽያጭ ያገለግላል፤ ይሄኛው ለዚህ ነው ብለህ መነጠል አትችልም። ስለዚህ በሽያጭ ድርሻ ይከፋፈላል። ከ1,000,000 ውስጥ 800,000 ታክስ የሚከፈልበት ነው፤ ዜሮው እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ 80 በመቶው፣ ማለትም 9,600 ይቀናነሳል። ቀሪው 2,400 ወጪ ይሆናል።

እኛ ነፃውን ከዜሮው ጋር ስለቀላቀልን ለሞጁሉ ነፃ የሚባል ሽያጭ አልነበረንም። ድርሻው 100 በመቶ ወጣ፣ 12,000ውም ተቀናነሰ። በወር 2,400 የማይገባንን ወሰድን ማለት ነው። ይህ ደግሞ የጋራ ወጪው ብቻ ነው። ለነፃው ዕቃ ብቻ የገዛነው ነገር ታክስ ሲጨመር መጠኑ ከዚህ ይበልጥ ነበር። የተገላቢጦሹም አለ። ሁለቱንም ነፃ ነው ብለን ብንሞላ ድርሻው 60 በመቶ ይሆንና 7,200 ብቻ እናቀናንስ ነበር። ያኔ የሚጎዳው የኛው ኪስ ነው፣ ማንም መጥቶ አይነግርህም።

ለምን ሁለት ወር ሙሉ አላየነውም? እኔ በየወሩ መጨረሻ የማደርገው ቼክ አለ። የመደበኛውን ሽያጭ በ15 በመቶ አባዛለሁ፣ ከሽያጭ ታክስ አካውንቱ ጋር አስተያያለሁ። 600,000 ሲባዛ 90,000፤ ሌጀሩም 90,000። ቁጭ! እሰየው ብዬ እዘጋለሁ። ግን ይህ ቼክ ለዜሮና ለነፃ ዕውር ነው። የሁለቱም ታክስ 0 ስለሆነ ሌጀር ላይ ምንም አይተዉም። ቢቀላቀሉ፣ ቢገለባበጡ ሂሳቡ ይታረቃል።

የነቃሁት በሌላ ነገር ነው። የታክስ ማስታወቂያውን ስሞላ የነፃ ሽያጭ ሳጥን ባዶ ነበር። እኛ ግን ነፃ ዕቃ ሳንሸጥ የምንውልበት ቀን የለም። ሁለት ወር ያንን ባዶ ሳጥን አልፌዋለሁ፤ በሦስተኛው ወር ነው «ቆይ እንጂ» ያልኩት። አሁን የመጀመሪያ ቼኬ ይኼ ነው። ታክሱን ሳይሆን ታክሱ የሚሰላበትን የሽያጭ መጠን በየኮዱ አወጣለሁ፣ ከዕቃ ቡድን ሽያጭ ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ሞጁሉ ይህን ሪፖርት ይሰጣል፤ ግን ሦስት ሜኑ ውስጥ ቀብሮታል።

ማስተካከሉ ቀላል አልነበረም። አንዴ ፖስት ሆኖ መዝገብ ውስጥ የገባ ደረሰኝ ኮዱ አይቀየርም። ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ አልከስሰውም። በጆርናል ላስተካክል ብትል ደግሞ የምታዘዋውረው ገንዘብ የለም፤ ዜሮን ከዜሮ ወዴት ታዞረዋለህ? የሁለቱን ወር ማስታወቂያ በኤክሴል ሠርተን አርመን አስገባን። ያለአግባብ የተቀናነሰውንም መለስን። ሲስተሙ ውስጥ ያለው የሁለቱ ወር ታሪክ ግን እስከ ዛሬ እንደተበላሸ ነው።

ከዚያ ኮዶቹን ከዜሮ ጀመርኩ። አሁን ያሉን እነዚህ ናቸው። ከላይ ያሉት ለሽያጭ ናቸው፦ መደበኛ፣ ዜሮ፣ ነፃ። ከታች ያሉት ለግዢ ታክስ ናቸው፦ የሚቀናነስ፣ የማይቀናነስ፣ የጋራ።

```
OUT-STD   OUT-ZER   OUT-EXE
IN-REC    IN-NON    IN-MIX
```

ስማቸው ውስጥ ምጣኔ የለም። መጀመሪያ `S15` ብዬ ነበር፤ ምጣኔው አንድ ቀን ሲቀየር `S15` የሚባል ግን 15 ያልሆነ ኮድ ይዤ መቅረቴ ነው። አንዴ የተሠራበትን ኮድ ደግሞ ሞጁሉ አያስጠፋህም፣ መዝጋት ብቻ ነው። `OUT-ZER` እና `OUT-EXE` ሁለቱም ምጣኔያቸው 0 ነው። የሚለያዩት በማስታወቂያው የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገቡና በድርሻ ስሌቱ እንዴት እንደሚቆጠሩ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ዋናው ነገር የምጣኔው ቦታ ሳይሆን ከሱ በታች ያለው፣ ሰው ሁሉ ሳያየው የሚያልፈው የሪፖርት ሳጥን ምርጫ ነው።

በሽያጭ በኩል ሞጁሉ ጎበዝ ነው። ኮዱን ዕቃው ላይ አትለጥፍም። ለዕቃው ቡድን ትሰጠዋለህ፣ ለደንበኛውም ቡድን ትሰጠዋለህ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ኮዱ ይወጣል። መደበኛ ዕቃ ለአገር ውስጥ ደንበኛ ከሆነ `OUT-STD`። ያው ዕቃ ወደ ውጭ ከተላከ `OUT-ZER`። እኛ መጀመሪያ ወደ ውጭ የምንልከውን ዕቃ ራሱን ዜሮ ብለነው ነበር። አንድ ቀን የአገር ውስጥ ደንበኛ ያንኑ ዕቃ ጠየቀ፣ ደረሰኙም ያለ ታክስ ወጣ። ደግነቱ የመጋዘኑ ልጅ «ይሄ ታክስ የለውም እንዴ?» ብሎ ስልክ ደወለ፤ ደንበኛው እጅ ሳይገባ ያዝነው። ዕቃው ዜሮ አይደለም፣ ዜሮ ያደረገው መላኩ ነው። ለመላኩ ማስረጃ የሚሆነው የጉምሩክ ሰነድ ቁጥርም ደረሰኙ ላይ ሳይሞላ `OUT-ZER` እንዳይፖስት ማድረግ ይቻላል፤ አድርጌዋለሁ። ኮድ የሌለው የሽያጭ መስመርም አይፖስትም። ባዶ መተው ነፃ ማለት አይደለም።

በግዢ በኩል ግን ያናድዳል። `IN-REC` እና `IN-NON` ልክ ናቸው። ለነፃ ሽያጭ የምንገዛው ዕቃ 10,000 ቢሆንና ታክሱ 1,500 ቢሆን፣ `IN-NON` 11,500ውን በሙሉ ስቶክ ላይ ይጥለዋል። እንዲህ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የዕቃው ወጪ ከእውነተኛው ያንስና ትርፍ ያለህ ይመስልሃል። ችግሩ `IN-MIX` ላይ ነው። የሚቀናነሰውን ድርሻ አንድ ቋሚ ቁጥር አድርጎ ኮዱ ላይ እንድትጽፍ ነው የሚፈልገው። የኛ ድርሻ ግን በየወሩ ይለዋወጣል። 80 ብለህ ብትጽፍ በሚቀጥለው ወር 74 ሊሆን ይችላል። የወሩ ሽያጭ ሳይዘጋ ደግሞ ድርሻውን ማወቅ አይቻልም፣ ግዢው ግን በወሩ መጀመሪያ ይመዘገባል።

ስለዚህ ቁጥሩን 100 አድርጌ ኮዱን ለብቻው በተከፈተ አካውንት ላይ አሰርኩት። የጋራ ወጪው ታክስ እዚያ ይጠራቀማል። ወሩ ሲዘጋ ድርሻውን አስልቼ፣ ከላይ ባለው ምሳሌ 9,600ውን ወደ ግብዓት ታክስ፣ 2,400ውን ወደ ወጪ በጆርናል አወጣለሁ። አካውንቱ ዜሮ ካልሆነ ወሩ አልተዘጋም ማለት ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የከፈልንበት ሞጁል ራሱ ሊሠራው ይገባ ነበር።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ምጣኔ ሲቀየር ኮዱ ላይ ያለውን ቁጥር መቀየር አያስፈልግም፤ የሚጸናበትን ቀን የያዘ አዲስ መስመር ትጨምራለህ፣ አሮጌው ደረሰኝ በአሮጌው ምጣኔ ይቀራል። በሙከራ ዳታቤዝ ላይ 15ን ወደ 16 ቀይሬ ሞከርኩት። ደረሰኞቹ ልክ ናቸው። ዕቃ ሲመለስ የሚጻፈው ክሬዲት ኖት ግን አሳበደኝ። ከዋናው ደረሰኝ ላይ ከገለበጥከው የድሮውን ምጣኔ ይዞ ይመጣል። በእጅ ከጻፍከው የዛሬውን ይወስዳል። በ15 በመቶ ታክስ የተሸጠ 1,000 ዋጋ ያለው ዕቃ ሲመለስ 150 ሳይሆን 160 ታክስ ትመልሳለህ ማለት ነው። ለአቅራቢው ጽፌያለሁ፣ «በሚቀጥለው ቨርዥን» የሚል መልስ መጥቷል። እስከዚያው ክሬዲት ኖት በእጅ የመጻፍ ፈቃድ ከሁሉም ሰው ላይ አንስቻለሁ። ሽያጭ ክፍሎች ኩርፊያ ላይ ናቸው።