የልጄ ዋይት ኖይዝ ማሽን፦ ከስምንት ወር በኋላ

እህቴ ከአሜሪካ የላከችልን በዩኤስቢ የሚሰራ፣ ህፃን እንዲተኛ ወጥ የሆነ ሽሽታ የሚያሰማ ትንሽዬ ማሽን ነው፣ ልጄ ሁለት ወር ሲሆናት ጀመርን አሁን አስር ወሯ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከላይ ወንበር ይጎተታል ውጪ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፣ እና አዎ ይሰራል፣ ወጥ የሆነው ሽሽታ ድንገት ኳ የሚለውን ይውጠዋል። የወፍና የዝናብ ድምፅ የሚባለውን ግን ተዉት፣ እየተደጋገመ እኔንም አሳብዶኝ ነበር፣ እንደ ቬንትሌተር ወፈር ያለው ይሻላል።

ዋናው ነገር ድምፁና ርቀቱ ነው። በ2014 ፔዲያትሪክስ ላይ የወጣ የካናዳ ጥናት 14 ማሽኖችን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሲለካ፣ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ሁሉም ለሆስፒታል የጨቅላ ክፍል የተመከረውን 50 ዴሲቤል አልፈዋል፣ 3ቱ ደግሞ ከ85 በላይ ወጥተዋል፣ ይሄ በስራ ቦታ እንኳን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳትሰሙ የሚባልበት ልክ ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም፣ መለካት ያለበት ልጁ ጭንቅላት ጋ ነው። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭኜ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት፣ ማሽኑ ከጎኗ ሆኖ ሙሉ ሲከፈት 70ዎቹ ውስጥ ገባ፣ ክፍሉ ጫፍ ወዳለው ቁምሳጥን ላይ (2 ሜትር ያልፋል) ወስጄ ድምፁን ወደ ሲሶ ሳወርደው 48 አካባቢ ሆነ። የስልክ አፕ ጥቂት ዴሲቤል ይሳሳታል ስለዚህ 50 ላይ አታስጠጉት። ደግሞ እዛ ሲቀመጥ ገመዱም ከአልጋው ይርቃል።

ይለምድባታል ወይ ለሚለው፣ መብራት ኃይል ፈተናውን በነፃ ሰጠን 😅 መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ ዝም ሲል ወዲያው ትነቃ ነበር፣ አሁን ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ከሆነች አይሰማትም፣ ቀላሉ እንቅልፍ ላይ ካገኛት ግን ተነስታ ትቀመጣለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማሽኑን የሚያጠፋው ታይመርም ያው ነው፣ የህፃን እንቅልፍ በየሰዓቱ ገደማ ቀለል ስለሚል ልክ በዛች ሰዓት ጸጥ ይልባታል። ስለዚህ ታይመሩን ረስቶ ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ አድርጎ መተው ነው (እኛ ፓወር ባንክ አስገባንበት)።

ለመተኛት ለምዳዋለች እንጂ ያለሱ አትተኛም ማለት ግን አይደለም፣ አያቷ ጋ ስንሄድ እትዬ በአንቀልባ አዝለዋት እሹሩሩ ሲሏት ቴሌቪዥን ተከፍቶም ትተኛለች። ለማስተው በየሁለት ሦስት ሌሊቱ አንድ እርከን እየቀነስኩ ነው፣ የቀኑን እንቅልፍ ጨርሰናል፣ የማታው ሁለተኛው እርከን ላይ ደርሷል፣ ጥርስ ስታወጣ ግን መቀነሱን አቁሜ ነበር ምክንያቱም የምትነቃው በጥርሱ ይሁን በጸጥታው መለየት አይቻልም።