የእህቴን ላብ ያዳነልን መካኒክ፦ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ለእሱ ሳታሳዩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ይህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር እግዚአብሔርም አይወደው። ያሪስ፣ ቪትዝ፣ ኮሮላ እያላችሁ ከደላላ ደላላ የምትዞሩ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ለምታውቁት ሰውም አድርሱልኝ።

ታላቅ እህታችን ኩዌት ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ገንዘብ የላከችው ታናሽ ወንድማችን መኪና ገዝቶ ራይድ እንዲሠራበት ነው። እኔም የእቁቤን ጨመርኩበት። ይህ ገንዘብ ቢጠፋ መልሶ የሚተካው የለም። እሷ ሌላ ዓመት በሰው አገር ልትቆይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መኪና ባየን ቁጥር ሆዴ ይርድ ነበር።

የምርድበትም ምክንያት አለኝ። የአጎቴ ልጅ ከእኛ በፊት አንድ መኪና ገዝቶ ነበር። ኪሎሜትር ቆጣሪው 90 ሺህ አካባቢ ያነባል፤ ደላላው ራሱ ያመጣው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጆሮውን ደገን አድርጎ «ንክች ያላለ ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ» አላቸው። ዓመት ሳይሞላ ፍሪሲዮኑ አለቀ። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀመረ፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ። ደላላው ስልክ አያነሳም፣ መካኒኩም «እኔ ያየሁት ቀን ደህና ነበር» ብሎ ዘጋ። በኋላ እንደሰማነው ያ መካኒክ ከሁለቱም ወገን ይቀበል ነበር። የአጎቴ ልጅ ያን መኪና በግማሽ ዋጋ ሸጦ ዛሬም ዕዳ ይከፍላል። የማንንም ስም አልጠራም፣ ግን ያ ነገር ከቤተሰባችን ውስጥ አልወጣም።

እኛ ስንዞርም ያየነው ተመሳሳይ ነው። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ መኪኖች ተደርድረው የሁሉም ቆጣሪ 70፣ 80፣ 90 ሺህ ነው። ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ «አውሮፓ እያለች አሮጊት ናት የነዳቻት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ»። ለምርመራ የከፈልነው አንድ ጋራዥ ደግሞ መኪናዋን አሽከርክሮ እንኳ ሳያያት ገንዘባችንን ተቀብሎ ሸኘን።

በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ ወደዚህ መካኒክ ላከችን። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። (ከዚህ በኋላ አንቱ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ይገባቸዋል።) ልናሳያቸው የወሰድነው መኪና ከአውሮፓ የገባ የ2007 ሞዴል ያሪስ ነው፣ በእጅ ማርሽ። ቆጣሪው 84 ሺህ ይላል። ሻጩም አብሮን መጥቷል።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ገረመኝ፤ ኮፈኑን አልከፈቱም። የሾፌሩን በር ከፍተው መሬት ላይ ተንበረከኩና በስልካቸው መብራት ፔዳሎቹን ማየት ጀመሩ። ሞተሩ እንኳ አልተነሳም።

የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ አዲስ ነበር፤ ጥቁር፣ መስመሮቹ ጥልቅ። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ አዲስ ጎማ ማድረግ ወንጀል አይደለም። ግን 84 ሺህ የሄደ መኪና የፔዳል ጎማው ለመቀየር አያበቃውም። ማን ቀየረው? ለምን?» አሉኝ። የፍሬኑን ጎማ በአውራ ጣታቸው ከጠርዙ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከሥሩ ያለው ብረት በቀኝ ጥጉ በኩል እንደ አሮጌ ሳንቲም ተልጎ ያበራል። እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲዛወር መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ጥግ ላይ ነው አሉ። የድሮው ጎማ አልቆ፣ ጫማው ብረቱን ራሱን እስኪልገው ድረስ ተነድቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ነዳጅ መስጫው ሄዱ። እሱ ጎማ ስለሌለውና ወጥ ፕላስቲክ ስለሆነ ሰው መቀየሩን ይረሳዋል አሉ። እውነትም ከላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተው ለስልሷል። ከሥር ደግሞ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሲያነሱት ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዋናው ምንጣፍ ተበልቶ ቀዳዳ ሆኗል።

ሻጩ «አዲስ አበባ ትራፊክ ነው ያደረጋት» አለ። እሳቸው አልተቆጡም። «እውነት ነው፣ በትራፊክ ውስጥ ፍሪሲዮን ቶሎ ቶሎ ስለሚረገጥ ፔዳል ከኪሎሜትሩ ቀድሞ ያልቃል» ብለው ተቀበሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለዚህ ነው አንድ ምልክት ብቻ አይቼ የማልፈርደው» አሉኝ። በኋላም ሲያስረዱን ረጅም መንገድ ላይ የሚውል መኪና 200 ሺህ ሄዶ ወንበሩና ፔዳሉ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ከተማ ውስጥ ሰው የሚያወርድና የሚጭን ደግሞ በትንሽ ኪሎሜትር ያረጃል አሉ። ወንድሜ የፊት መብራቱ ቢጫ መሆኑን ሲያሳያቸውም «ያ የፀሐይ ሥራ ነው፣ ቆሞም ይቢጫል፤ ኪሎሜትር አይነግርህም» አሉት። እንዲህ ለሁለቱም ወገን እውነቱን የሚናገር ባለሙያ እኔ በሕይወቴ አላየሁም።

ቀጥለው የወንበሩን ሽፋን እንዲያነሱ ጠየቁ። ሻጩ ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ፈቀደ። እጄን ይዘው የሾፌሩን ወንበር የግራ ጠርዝ፣ ማለትም ስንገባና ስንወጣ የምንንሸራተትበትን በበሩ በኩል ያለውን ጎን፣ እንድጫነው አደረጉኝ። ስፖንጁ አልቆ ከውስጥ ያለው ብረት እጄን ይነካኛል፤ ጨርቁም ሳስቷል። ከዚያ «አሁን የጎኑን ወንበር ተጫኚ» አሉኝ። ጠንካራ ነው፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለቱም ወንበሮች በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ ነው የወጡት፤ ልዩነቱ ስንት ጊዜ ሰው እንደተቀመጠባቸው ነው አሉ። ይህን ነገር ማንም ሰው መካኒክ ሳይሆን በገዛ እጁ ሊያየው ይችላል እኮ!

መሪውም እንዲሁ ነው። ልባሱን ፈትተው እጅ የሚይዝበትን ቦታና ማንም የማይነካውን የታች ክፍል አስተያዩን። ታች ላይ ከፋብሪካ የመጣው ሸካራ ቆዳ መሳይ ነገር እንዳለ ነው፤ ላይ ግን ሙልጭ ብሎ ያብለጨልጫል። የማርሹ ጭንቅላት ላይ ያሉት ቁጥሮችም ሊጠፉ ምንም አልቀራቸው። እሳቸው እስካሁን «ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል» የሚል ቃል ከአፋቸው አላወጡም። ዝም ብለው የሂሳብ ጥያቄ ጠየቁን፤ 84 ሺህን ለ17 ዓመት አካፍሉት። በዓመት 5 ሺህ እንኳ አይሞላም። በቀን ሲሰላ 13 እና 14 ኪሎሜትር ነው፤ ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ልክ የተነዳ መኪና ደግሞ ፔዳሉ፣ ምንጣፉ፣ ወንበሩ፣ መሪውና ማርሹ ሁሉም በአንድ ላይ እንዲህ አያልቁም።

አሁን የምነግራችሁን ግን አልረሳውም። የሾፌሩን በር እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ በሩ የሚገጥምበት ቋሚ ላይ በአቧራ የተሸፈነች ግማሿ የተላጠች ወረቀት አገኙ። በጨርቅ ጠረጓት። የአውሮፓ የዘይት ቅያሪ ወረቀት ናት፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን አላት፣ 2015 በፈረንጆቹ፣ ከጎኑ 148.500 ይላል። ሻጩ ቶሎ ብሎ «መቶ አርባ ስምንት ነጥብ አምስት ነው፣ ኪሎሜትር አይደለም» አለ። እሳቸው በእርጋታ «ጀርመኖች ሺህን የሚለዩት በነጥብ ነው። መቶ አርባ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ነው» አሉት። መኪናዋ በ8 ዓመቷ ያን ያህል ሄዳ ነበር፣ በዓመት 18 ሺህ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደሄደች እሳቸውም አልገመቱም፤ «ትክክለኛውን ቁጥር ማንም አይነግራችሁም፤ 84 እንዳልሆነ ግን አሁን ታውቃላችሁ» አሉን።

ከመሪው ሥር መሣሪያ ሰክተውም አንድ ነገር አንብበው ነበር፣ እሱ ግን አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው፤ ዲጂታል ቆጣሪን መመለስ ዛሬ ዕውቀቱና መሣሪያው ላለው ሰው አጭር ሥራ ነው። የሾፌሩን እግርና ጀርባ ግን ማንም መመለስ አይችልም።

ሻጩን ሰው ፊት አላዋረዱትም። ለብቻው ወስደው «አንተም ስትገዛ ተታለህ ይሆናል» ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ ስለ ገንዘቡ ሲጠይቁኝ የእህቴን ነገር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እህትሽ እኮ ጉልበቷን ነው የላከችው። ደህና መኪና እስክታገኙ ድረስ ያያችሁትን እያመጣችሁ አሳዩኝ፣ ክፍያ የዛሬውን ብቻ ነው» አሉኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ከዚያ በኋላ ባሳየናቸው መኪኖች አንድ ብር አልተቀበሉንም።

የገዛነው መኪና ቆጣሪው 213 ሺህ የሚያነብ የ2006 ያሪስ ነው። ወንድሜ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እሳቸው ግን ፔዳሉ ከነዋናው ጎማው እንዳለ አሳዩት፤ አልቋል፣ ግን ያለቀው በቁጥሩ ልክ ነው። ወንበሩም ሽፋን የለውም፣ መሪውም ልባስ የለውም፣ ሻጩ የዘይት ቅያሪ ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ ይዞ መጣ፤ ቁጥሮቹ በተራቸው እየጨመሩ ይሄዳሉ። «ይህ ሰው የሚደብቀው የለውም። ፍሪሲዮን ይቀየርለታል፣ እሱን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ» አሉን። አስቀነስን፣ ቀየርን፣ ወንድሜ ዛሬ እየሠራበት ነው። እህቴ የመኪናውን ፎቶ ስታይ በስልክ እልል አለች።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። ደላላ በሚያመጣው መካኒክ አታስፈትሹ፣ ወደ እሳቸው ሂዱ። ደላሎች እንዳያስቸግሯቸው ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ ጋራዣቸው ሳሪስ አቅጣጫ ነው፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ። ጠዋት በብርሃን ውሰዱላቸው፣ ማታ አያዩም። ለሻጩም የወንበሩ ሽፋንና የመሪው ልባስ እንደሚነሳ ቀድማችሁ ንገሩት። እምቢ ካለ መንገዳችሁን አታባክኑ።