IRF3205 ወይስ IRFZ44N? መጀመሪያ ድራይቨራችሁን እዩ

24 ቮልትን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ሠርቼ ነበር። ሁለት IRFZ44N ሞስፌት በሀፍ ብሪጅ፣ አንድ IR2104 ድራይቨር፣ ፍጥነቱ 100 ኪሎኸርዝ። 10 አምፔር ሲጫንበት የላይኛው ሞስፌት ይሞቃል፣ ግን ይሠራል። ሙቀቱን ልቀንስ ብዬ ሁለቱንም ነቅዬ IRF3205 ተካሁ። ሲበራ የሚኖረው ሬዚስታንስ ከ17.5 ሚሊኦም ወደ 8 ስለሚወርድ ሙቀቱም በግማሽ ይወርዳል ብዬ ነበር። ሂትሲንኩ ጭራሽ ጣት የማያስነካ ሆነ።

ሞስፌት ስንመርጥ ብዙዎቻችን የምናየው ሁለት ቁጥር ነው፤ ቮልቴጁንና ሬዚስታንሱን። በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ሰርኪት ላይ ግን ሦስተኛው ቁጥር፣ የጌት ቻርጅ፣ ከሁለቱ በላይ ይወስናል። ብቻውን ደግሞ ምንም አይነግራችሁም። ትርጉም የሚኖረው ከድራይቨሩ ጋር ሲታይ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ሞስፌትን ከሞስፌት ሳይሆን ጥንድን ከጥንድ ነው።

ሙቀቱ የሚወለድበት ቦታ

ድራይቨሩ ወደ ጌት ከረንት ሲልክ የጌቱ ቮልቴጅ ከዜሮ ይነሳል፣ ሞስፌቱ ከረንት ማሳለፍ ይጀምራል፣ ከዚያ 5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። በኦስሲሎስኮፕ ስታዩት እንደ ደረጃ የተዘረጋ ጠፍጣፋ መስመር ነው። ድራይቨሩ አሁንም ከረንት እየላከ ነው፤ ከረንቱ ግን የጌቱን ቮልቴጅ ከፍ ማድረጉን ትቶ በጌትና በድሬን መካከል ያለውን ካፓሲታንስ በመለወጥ ይጠመዳል። ድሬን ላይ ያለው 24 ቮልት ወደ ዜሮ የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ሞስፌቱ በዚያች ቅጽበት ሙሉ 10 አምፔር ተሸክሞ፣ ቮልቴጁም ገና አልወረደለትም። ሙቀቱ የሚወለደው እዚህ ነው።

ይህን ደረጃ ለማለፍ የሚያስፈልገው ቻርጅ በዳታሺት ላይ Qgd ይባላል፤ ጠቅላላው ደግሞ Qg። I ድራይቨሩ የሚሰጠው ከረንት፣ f ደግሞ ፍጥነቱ ሲሆን ሒሳቡ ቀላል ነው፦

```
t = Qgd / I
P = 0.5 × V × I_load × (t_on + t_off) × f
```

የIRFZ44N ከፍተኛው Qgd 23 ናኖኩሎምብ ነው፣ Qg ደግሞ 63። የIRF3205 ግን 54 እና 146። ሬዚስታንሱን በግማሽ ሳወርድ ቻርጁን ከእጥፍ በላይ አሳድጌው ኖሯል። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። በአንድ የሲሊኮን ትውልድ ውስጥ ሬዚስታንስ የሚቀነሰው ቺፑን በማስፋት ነው፤ ቺፑ ሲሰፋ ደግሞ ጌቱም አብሮ ይሰፋል።

አንድ ወጥመድ ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዳንዱ ሰው ቻርጁን በዳታሺት ላይ ካለው የጌቱ የመግቢያ ካፓሲታንስ፣ ከ Ciss፣ ለማስላት ይሞክራል። የIRFZ44N Ciss 1470 ፒኮፋራድ ነው፤ በ10 ቮልት ሲባዛ 15 ናኖኩሎምብ ገደማ ይሰጣል። እውነተኛው ቁጥር ግን 63 ነው። Ciss የሚለካው ድሬኑ 25 ቮልት ላይ ቆሞ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ሲወርድ በጌትና በድሬን መካከል ያለው ካፓሲታንስ እንዴት እንደሚያብጥ አያሳይም። በ Ciss ተመርቶ ድራይቨር የገዛ ሰው ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ደካማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሁለቱ ድራይቨሮች

IR2104 ለመጠቀም በጣም ምቹ ነው። ስምንት እግር፣ አንድ መግቢያ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ሞስፌት ራሱ እያፈራረቀ ይነዳል፣ አንዱ ጠፍቶ ሌላው እስኪበራ የሚጠበቀው ክፍተት፣ ዴድ ታይሙም፣ ከውስጡ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ድክመቱ ከረንቱ ነው፤ ሲያበራ ቢያንስ 130፣ ሲያጠፋ ቢያንስ 270 ሚሊአምፔር ይሰጣል። IR2110 ደግሞ 14 እግር አለው፣ ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች አሉት፣ ከረንቱ 2 አምፔር ነው። ዴድ ታይም ግን የለውም። ሁለቱን መግቢያ አንድ ላይ ካበራችኋቸው እሱም ሁለቱን ሞስፌት አብሮ ያበራል፣ ሰርኪቱም ያልቃል። ጊዜውን መጠበቅ የማይክሮኮንትሮለሩ ሥራ ነው።

የ2 አምፔሩን ቁጥር ግን በጥርጣሬ እዩት። የተለካው ውፅዓቱ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቶ፣ በ15 ቮልት ነው። በእውነተኛው ሰርኪት የድራይቨሩ ሰፕላይ 12 ቮልት ሆኖ ጌቱ 5 ላይ ሲቆም፣ የሚገፋው 7 ቮልት ብቻ ነው። የድራይቨሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 6 ኦም ገደማ ነው ብንል፣ ሁላችንም እንደ ልማድ የምናስገባው 10 ኦም የጌት ሬዚስተር ሲጨመርበት 16 ይሆናል። 7 ለ16 ሲካፈል 0.44 አምፔር ነው። ሲያጠፋ ደግሞ የሚገፋው 5 ቮልቱ ብቻ ስለሆነ 0.31። የ2 አምፔር ድራይቨር ገዝታችሁ ግማሽ አምፔር እንኳ አልተጠቀማችሁም ማለት ነው። 10 አምፔር የሚል ድራይቨር ብትገዙም ያ ሬዚስተር እስካለ ድረስ ሲያበራ ከ0.7 አምፔር አያልፍም።

አሁን የእኔን ሰርኪት እናስላው። በIR2104፣ IRF3205 ደረጃውን ለማለፍ ሲበራ 54 ለ0.13፣ ማለትም 415 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሲጠፋ 200። ድምሩ 615 ነው። በ24 ቮልት፣ በ10 አምፔርና በ100 ኪሎኸርዝ 7.4 ዋት ይሆናል። በግማሽ ጊዜ ሲበራ ከሬዚስታንሱ የሚመጣው ሙቀት ግን 0.4 ዋት ብቻ ነው። እኔ 0.4 ዋቱን ስቀንስ 7.4ቱን ያሳደግኩት ሰው ነበርኩ። በዚሁ መንገድ አራቱም ጥንዶች ሲሰሉ በላይኛው ሞስፌት ላይ የሚወጣው ዋት ይህን ይመስላል፦

| | IR2104 | IR2110 ከ10 ኦም ጋር |
|---|---|---|
| IRF3205፣ 100 ኪሎኸርዝ | 7.8 | 4.0 |
| IRFZ44N፣ 100 ኪሎኸርዝ | 4.0 | 2.4 |
| IRF3205፣ 20 ኪሎኸርዝ | 1.9 | 1.1 |
| IRFZ44N፣ 20 ኪሎኸርዝ | 1.5 | 1.2 |

ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። ሬዚስታንሱ የ25 ዲግሪ ነው፣ ቻርጁ ከፍተኛው ነው፣ ደረጃው ላይ ከመድረሱ በፊት ያለችው አጭር ጊዜም አልተቆጠረችም። ለመምረጥ ግን ይበቃሉ። በ100 ኪሎኸርዝ ትንሿ ሞስፌት ከደካማው ድራይቨር ጋር፣ ትልቁ ከጠንካራው ጋር ተጣምሮ የሚያመጣውን ያህል ነው የምትሞቀው። በ20 ኪሎኸርዝና በጠንካራ ድራይቨር ደግሞ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እዚያው ላይ ከረንቱን ወደ 20 አምፔር ብታሳድጉት IRF3205 3.0፣ IRFZ44N 4.1 ዋት ስለሚሆኑ ትልቁ ያሸንፋል። ምክንያቱም የስዊቺንግ ሙቀት ከከረንቱ ጋር እኩል ሲያድግ፣ የሬዚስታንሱ ግን በካሬው ነው የሚያድገው። ለሞተር፣ ለኢንቨርተር፣ ለመሳሰሉት ዝግ ያለ ፍጥነት IRF3205 ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሙቀት ውጪ የሚመጣው ጣጣ

የIR2104 ዴድ ታይም 520 ናኖሰከንድ ገደማ ነው፤ ዳታሺቱ እስከ 400 ሊወርድ እንደሚችል ይናገራል። የIRF3205ን 146 ናኖኩሎምብ በ270 ሚሊአምፔር ለማውጣት 540 ናኖሰከንድ ያስፈልጋል። ሞስፌቱ ጌቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጎድል ስለሚዘጋ ሁልጊዜ አይጋጩም፤ ግን የቀረ ትርፍ ጊዜ የለም። የላይኛው ሳይዘጋ የታችኛው ከተከፈተ ሰፕላዩ በሁለቱ በኩል በቀጥታ ወደ ግራውንድ ይፈሳል። ምልክቱ ሰርኪቱ ምንም ሳይጫንበት ከረንት መሳቡና ሁለቱም ሞስፌቶች መሞቃቸው ነው።

ሌላው የቡትስትራፕ ካፓሲተሩ ነው። የላይኛውን ጌት የሚሞላው ቻርጅ የሚመጣው ከእሱ ነው። ብዙ ስዕል ላይ የምታዩት 100 ናኖፋራድ ከሆነ፣ IRFZ44N በአንድ ማብራት 0.63 ቮልት ይቀንስበታል፣ IRF3205 ግን 1.46። ዳዮዱ አስቀድሞ ከ12 ቮልቱ 0.7 ወስዷል፤ ስለዚህ ጌቱ ላይ የሚቀረው 10 ቮልት እንኳ አይሞላም። ለIRF3205 ከ470 ናኖፋራድ በታች አላስገባም።

የድራይቨሩ የራሱ ፍጆታ ግን አያሳስብም። 146 ናኖኩሎምብ በ100 ኪሎኸርዝ በአማካይ 14.6 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህች ትንሽ ቁጥር ነው፤ አማካዩን አይቶ ደካማ ድራይቨር ይበቃል ይላል። የሚያስፈልገው ግን በዚያች ጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ የሚሰጠው ከረንት ነው።

ሰርኪታችሁ የታችኛው ሞስፌት ብቻ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ ቡስት ኮንቨርተር፣ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱንም አትግዙ። 6 አምፔር የሚሰጠው TC4420 ስምንት እግር ብቻ ያለው፣ ቡትስትራፕም የማይፈልግ ድራይቨር ነው።

በኦስሲሎስኮፕ ስትፈትሹ

በዚህ ዓይነት ኮንቨርተር ላይ የታችኛውን ሞስፌት ጌት ለክታችሁ ደረጃውን አትፈልጉ፤ አታገኙትም። እሱ የሚበራው ከረንቱ በራሱ ዳዮድ ውስጥ ማለፍ ከጀመረ በኋላ፣ ድሬኑ ዜሮ አካባቢ እያለ ነው። የላይኛውን ጌት ደግሞ በተራ ፕሮብ መለካት አይቻልም፤ ሶርሱ ግራውንድ ላይ አይደለም፣ የፕሮቡን ክሊፕ እዚያ ካሰራችሁ ሰርኪቱን በኦስሲሎስኮፑ በኩል ሾርት ታደርጉታላችሁ። የሚለካው ሁለቱ ሞስፌቶች የሚገናኙበት ነጥብ ነው፤ ከግራውንድ አንጻር፣ የፕሮቡን ረጅም የግራውንድ ገመድ ነቅላችሁ በአጭሯ ስፕሪንግ። ከ0 ወደ 24 ቮልት የሚወጣበት ጊዜ ከላይ ያሰላነው የማብሪያ ጊዜ ነው።

የእኔ ሰርኪት በIR2104 እና በIRF3205 400 ናኖሰከንድ ገደማ የሚወስድ፣ ተዳፋት የመሰለ መስመር ነበረው። IRFZ44N መልሼ IR2110 ስገጥምለት ወደ 50 ወረደ። ስስት ይዞኝ የ10 ኦሙን ሬዚስተር አውጥቼ በ2.2 ሞከርኩት፤ ጠርዙ ላይ እስከ 40 ቮልት የሚዘል ንዝረት መጣ። የሞስፌቱ ጣሪያ 55 ነው፣ 40 ያልፋል፤ ግን የፊድባክ መስመሩ ንዝረቱን እየሰማ መረበሽ ጀመረ። በ10 ኦሙ ላይ ትይዩ አንድ ሾትኪ ዳዮድ አስገብቼ ማጥፋቱን ብቻ አፈጠንኩት፤ ማብራቱ በ10 ኦሙ ቀረ። አሁን ያለው እንደዚያው ነው።