ዩሮውን በዶላር ልቁረጥልህ የሚል ኤቲኤም አትቀበሉ

ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ልትሄዱ ለተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ጓደኛዬ ሮም ገንዘብ አውጥታ ደረሰኙን ስትልክልኝ ተናደድኩ፤ ስንቱ ሰው ሳያውቅ እንደሚከፍል አሰብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዳችሁን ስትከቱ ማሽኑ የአሜሪካ ካርድ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ ከሒሳባችሁ የሚቆረጠውን በዶላር አስልቶ ያሳያችሁና "Accept conversion" እና "Decline conversion" የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ያቀርብላችኋል። "Decline" ሲባል ብሩ የማይወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይወጣል! እምቢ ያላችሁት የማሽኑን ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ሒሳቡን የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምንዛሪ ይሠራዋል፣ እሱም ብዙውን ጊዜ በጣም ይሻላል።

ለምሳሌ 1 ዩሮ 1.10 ዶላር ነው እንበልና 200 ዩሮ አውጡ። ትክክለኛው ዋጋ 220 ዶላር ነው። ባንካችሁ 3 በመቶ የውጭ አገር ክፍያና 5 ዶላር የኤቲኤም ከቆረጠ 231.60 ይሆናል። ማሽኑ ግን በ1.22 ከመነዘረው 244 ዶላር ደረሰ። ብዙ ባንኮች ደግሞ ግብይቱ በዶላር ቢሆንም ውጭ አገር ስለተደረገ ብቻ 3 በመቶውን ይቆርጣሉ፣ 5 ዶላሩም አይቀርም፣ ስለዚህ ጠቅላላው 256.32 ይመጣል። የማሽኑን ምንዛሪ እሺ በማለታችሁ ብቻ ወደ 25 ዶላር በከንቱ! "ኮሚሽን የለም" የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ፤ ትርፋቸው ምንዛሪው ውስጥ ነው።

ሱቅና ምግብ ቤትም ያው ነው። አስተናጋጁ ሳይጠይቃችሁ በዶላር ከነካው "በዩሮ አድርግልኝ" በሉት። ምርጫው የእናንተ ነው፣ ደንቡም እንዲህ ነው የሚለው። ፒን ከማስገባታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን የገንዘብ ዓይነት እዩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለውጭ ግብይት ስንት በመቶ፣ ለአንድ ኤቲኤም ስንት ዶላር? በመቶኛ ምንም የማይቆርጡ ካርዶች አሉ። 5 ዶላሩ ካለባችሁ ግን 40 ዩሮ አምስት ጊዜ ማውጣት 25 ዶላር ያስወጣል፤ 200ውን አንዴ አውጡ።

አየር ማረፊያ የሚሸጡትን ቀድሞ የሚሞላ የጉዞ ካርድ በተመለከተ፣ እኔ በበኩሌ አልመክርም። "የውጭ ክፍያ የለውም" ይሏችኋል፣ ግን ዩሮውን ሲሞሉላችሁ በራሳቸው ዋጋ ነው። በ1.16 ከሞሉት 200 ዩሮው 232 ዶላር ፈጀ፣ ከላይ ካየነው 3 በመቶና 5 ዶላር ከሚቆርጠው ዴቢት ካርድም በለጠ ማለት ነው። ያልሞላችሁበት አገር ገንዘብ ከከፈላችሁ እንደገና ይመነዝራል። የተረፈውን ስትመልሱ ሌላ ምንዛሪ፣ ካልነካችሁት ደግሞ በየወሩ የሚቆርጥ አለ። ወረቀቱ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፈልጉት።