የሕፃን ክፍል ካሜራ ልትገዙ ነው? ከምስል ጥራቱ በፊት የይለፍ ቃሉን ነገር እዩ

ባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ «የልጅ ካሜራ አለ?» ብትሉ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አንዱን ያወጡላችኋል። አንደኛው ስም የለሽ ካርቶን ውስጥ ያለ፣ አንገቱን የሚያዞር ርካሽ ካሜራ ነው። ካርቶኑ ላይ iCSee ወይም XMEye የሚባል አፕ አውርዱ ይላል። ሁለተኛው ታፖን ወይም ኢዚቪዝን የመሰለ ስሙ የታወቀ ካሜራ ነው። ሦስተኛው ኢንተርኔት ጨርሶ የማይነካ፣ የራሱን ትንሽ ስክሪን ይዞ የሚመጣ ቤቢ ሞኒተር ነው።

ባለሱቁ ስለ ጥራቱ፣ በጨለማ ስለማየቱ፣ ድምፅ ስለመቅዳቱ ይነግራችኋል። «በምን ስምና የይለፍ ቃል ነው የሚከፈተው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም አላይም። እኔ የማወዳድረው እሱን ብቻ ነው፤ ሌላውን ራሳችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የዋይፋይ ካሜራ ሁለት በር አለው። አንዱ ካሜራው ራሱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስምና የይለፍ ቃል ነው። ሌላው ስልካችሁ ላይ አፑን ስትከፍቱ በኢሜይል የምትፈጥሩት አካውንት ነው። ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ነው የሚሰበሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና የቪዲዮ መቅረጫዎችን ሲቆጣጠር ምንም የረቀቀ ነገር አላደረገም። ወደ 60 የሚሆኑ የፋብሪካ ስምና የይለፍ ቃሎችን በየተራ እየሞከረ ነው የገባው። በ2019 ደግሞ አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ሰው በሪንግ ካሜራ ገብቶ የስምንት ዓመት ልጅን ክፍሏ ውስጥ አናገራት። ኩባንያው እንዳለው እንዲህ ያለው ሰርጎ መግባት የሚሆነው ሰዎች ሌላ ቦታ የሾለከ የይለፍ ቃላቸውን ደግመው ሲጠቀሙ ነው። ከዚያ በኋላ በ2020 መጀመሪያ ላይ ሪንግ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለሁሉም ግዴታ አደረገው። የመጀመሪያው ጥቃት በካሜራው በር፣ ሁለተኛው በአካውንቱ በር የመጣ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚዘጋው ሁለተኛውን ብቻ መሆኑን ያዙልኝ፤ «ኮድ ስለሚጠይቀኝ ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ግማሹን ነው የሠራው።

ወደ ርካሹ ካሜራ እንምጣ። የiCSee እና የXMEye ቤተሰብ የሆኑ ካሜራዎች ለረጅም ጊዜ ይዘው የመጡት ስም admin፣ የይለፍ ቃሉም ባዶ ነው። አዎ፣ ምንም ሳትጽፉ መግባት ነው። የአሁኖቹ አፖች ካሜራውን ስትጨምሩ አዲስ የይለፍ ቃል አውጡ ብለው ይጠይቃሉ፤ ግን ብዙ ሰው «በኋላ አደርገዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፣ ያ በኋላም አይመጣም። ከዚህ የከፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የደኅንነት ጥናት ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ባለቤቱ የማያውቀው default የሚባል ሁለተኛ ተጠቃሚ ተገኘ። የይለፍ ቃሉ tluafed ነው፤ ያው ቃል ከኋላ ወደ ፊት ተጽፎ። በዚህ ስም የገባ ሰው ምስሉን ማየት ይችል ነበር። እናንተ adminን በጥንቃቄ ቀይራችሁ ሳለ ጎኑ ላይ ሌላ መግቢያ ክፍት አለ ማለት ነው። ዛሬ ሱቅ ያለው ካሜራ ይህ ችግር ተስተካክሎለት ይሁን አይሁን ካርቶኑን አይቶ የሚያውቅ የለም፣ ባለሱቁም አያውቅም።

ቀድሞውኑ ገዝታችሁት ከሆነ ሙከራው ቀላል ነው። የሌላ ሰው ስልክ ላይ አፑን ጫኑና ያንኑ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ካሜራውን በadmin እና በባዶ የይለፍ ቃል ለመጨመር ሞክሩ። ከተከፈተ አልቀየራችሁትም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሪሴት ቁልፉን የተጫነ ሁሉ ካሜራውን ወደ ፋብሪካው የይለፍ ቃል ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥገና ገብቶ ከመጣ በኋላ ይህንን ሙከራ ድገሙት።

ስሙ የታወቀው ካሜራ እዚህ ላይ ይሻላል። ታፖ ለምሳሌ ለሁሉም የሚሠራ የፋብሪካ የይለፍ ቃል የለውም፤ የራሳችሁን አካውንት ካልፈጠራችሁ ካሜራው ሥራ አይጀምርም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም አለ፣ ግን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። አፑ ውስጥ Me ብላችሁ፣ View Account፣ ከዚያ Login Security፣ ከዚያ Two-Step Verification ነው። ካበራችሁት በኋላ ከአዲስ ስልክ የሚገባ ሁሉ የማረጋገጫ ኮድ ይጠየቃል፣ ኮዱም በኢሜይላችሁ ይመጣል። እዚያው አፕ ውስጥ በካሜራው ሴቲንግ Advanced Settings ሥር Camera Account የሚባል አለ። ይህ ካሜራውን ከመቅረጫ ወይም ከኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ለማገናኘት የሚፈጠር የተለየ ስምና የይለፍ ቃል ነው፣ ማለትም የካሜራው በር። የሁለት ደረጃው ኮድ እሱን አይነካውም። ካላስፈለጋችሁ አትፍጠሩት፤ ካሜራውን የገጠመላችሁ ባለሙያ ፈጥሮት ከሆነ ደግሞ ቀይሩት።

ኢዚቪዝ ላይ ያለው የሚለይ ነገር ከታች የተለጠፈው ስቲከር ነው። ስድስት ፊደል ያለው የማረጋገጫ ኮድ ተጽፎበታል፣ ምስሉን የሚቆልፈው ቃልም ካልቀየራችሁት ያው ኮድ ነው። ካሜራውን አንስቶ ያየ እንግዳ አነበበው ማለት ነው። ኮዱን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡና የምስል መቆለፊያውን በራሳችሁ ቃል ቀይሩት።

አሁን እኛ ጋ ከቫይረስ ይልቅ በብዛት ወደማየው ችግር ልምጣ፤ ገጣሚው። አባይ ማዶ ያሉ ባልና ሚስት ወዳጆቼን ልንገራችሁ። እሷ ባንክ ትሠራለች፣ እሱ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ የሰባት ወር ልጃቸው ከሞግዚት ጋር ይውላል። ጥሩ ካሜራ ገዙ፣ ገጣሚ አስመጡ፣ ገጣሚው በግማሽ ሰዓት ጨርሶ «ይኸው ታያላችሁ» ብሎ ሄደ። በእርግጥም ያያሉ። ሁለት ደረጃውን ለማብራት ሲሞክሩ ነው ነገሩ የወጣው፦ ካሜራው የተመዘገበው በገጣሚው አካውንት ነው፣ ለእነሱ ያጋራቸው ተመልካች አድርጎ ብቻ ነው። እሱ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ሥራ ለማፍጠን በራሱ ስልክ መጀመር ልማዱ ነው። ግን የሕፃኑ ክፍል ስልኩ ውስጥ ነው፣ ስልኩን የሰረቀውም ሰው ያየዋል። እነሱ የራሳቸው አካውንት ላይ ማረጋገጫ ቢያበሩ የሱን አያግደውም።

መለያው ይህ ነው፦ አፑ ውስጥ ካሜራው «የተጋራ» የሚል ምልክት ካለው፣ ወይም ሴቲንጉን መቀየርና ለሌላ ሰው ማጋራት ካልቻላችሁ፣ ባለቤቱ እናንተ አይደላችሁም። መፍትሔው ገጣሚውን ደውሎ ከራሱ አፕ ላይ እንዲያጠፋው ማድረግ ነው። «ሪሴት አድርጌ እገላገላለሁ» ማለት ሁልጊዜ አይሠራም። ኢዚቪዝ ለምሳሌ ሪሴት ተደርጎም ከመጀመሪያው አካውንት ጋር እንደተሳሰረ ይቆያል፤ ባለቤቱ ካላስወገደው በእናንተ ስም አይገባም። ስለዚህ ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ገጣሚው እዚያው ቆሞ ሳለ አረጋግጡ። ዘመድም ቢሆን።

ወዳጆቼ ካሜራውን ካስለቀቁ በኋላ ያደረጉት ጥሩ ምሳሌ ነው። አካውንቱ በእሷ ኢሜይል ተከፈተ፣ የይለፍ ቃሉ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ የሌለ አዲስ ሆነ። እሱ በራሱ አካውንት ገባ፣ እሷ ከአፑ አጋራችው፤ አንድ የይለፍ ቃል ለሁለት መጠቀም ኮዱ ሲመጣ «ላኪልኝ» እያሉ መደዋወል ነውና። ከዚያ ሁለት ደረጃውን አበሩና ካሜራው ላይ ገብቶ ከማያውቅ የእህቷ ስልክ ለመግባት ሞከሩ። ኮድ ጠየቀ፣ ጥሩ። ግን ኮዱ የሚመጣው ኢሜይል ላይ ስለሆነ ኢሜይሏን የያዘ ሰው ሁሉን ያዘ። ስለዚህ ጂሜይሏም ላይ ሁለት ደረጃ አበሩ፣ በአጭር መልእክት ሳይሆን ኮድ በሚያወጣ አፕ። ይህ አፕ ኔትወርክ አይፈልግም፤ መልእክት ዘግይቶ በሚገባበት ወይም ሲም በጠፋበት ቀን ከበር ውጭ አትቀሩም። ጉግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፈው ከልደት ካርዱ ጋር አስቀመጡ። ስልኳ ቢሰረቅ መመለሻው እሱ ነው። በነገራችን ላይ ሞግዚቷም ካሜራ እንዳለ ተነግሯታል፣ ይህንን ደብቆ ማድረግ ነውር ነው።

ሦስተኛው፣ ባለ ስክሪን ሞኒተሩ፣ ቶሎ ያልቃል። አካውንት የለውም፣ አፕ የለውም፣ ስለዚህ የሚቀየር የይለፍ ቃልም የሚበራ ማረጋገጫም የለም። ካሜራውና ስክሪኑ ፍሪኩዌንሲ እየቀያየሩ እርስ በርስ ብቻ ይነጋገራሉ። ከሩቅ አገር በኢንተርኔት የሚገባበት መንገድ የለም። ድክመቱም ያው ነው፤ ቢሮ ሆናችሁ ልጁን አታዩም፣ የብሎኬት ግድግዳ ሲበዛም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት በጣም ያጥራል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የድሮ አናሎግ ከሆነ ጎረቤት ተመሳሳይ ዕቃ ይዞ ሊሰማችሁ ይችላል፣ ዲጂታል መሆኑን ጠይቁ። ስክሪን ኖሮት ካርቶኑ ላይ የዋይፋይ ምልክት ካለ ደግሞ ከሁለተኛው ምድብ ነውና ያንኑ ሁሉ ሥራ ይጠይቃል።

የእኔ ምርጫ? እናት ወይም አባት ቤት የሚውል ከሆነና ካሜራው የሚፈለገው ማዕድ ቤት ወይም ግቢ ሆኖ ልጁን ለማየት ብቻ ከሆነ ሞኒተሩን፣ ያለ ማመንታት። ከቢሮ ማየት የግድ ከሆነ ሁለተኛውን ዓይነት። ርካሹን ለሱቅ በር ወይም ለዶሮ ቤት ግዙት፣ መኝታ ክፍል ግን አታስገቡት።

የማታውቁት ስም ያለው ካሜራ ካጋጠማችሁ ደግሞ ገንዘብ ሳታወጡ መመርመር ይቻላል። አፑ ነፃ ነው፣ ካሜራው ሳይኖርም አካውንት ማውጣት ይቻላል። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ አውርዱትና የአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ፈልጉ። ካጣችሁት የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ከሆነም ሻጩ ፊታችሁ ከራሱ አፕ ያጥፋው፣ እናንተም እዚያው በስማችሁ አስገቡት፣ ብሩን ከዚያ በኋላ ስጡ።